«ሳይዙ ስንት ነው?» የሚል እንዲቀንስ፦ የልብስ ሻጮች ጥያቄና መልስ

ሰልቫጅ ጂንስና ቀሚስ የምሸጠው ቱሉ ዲምቱ ካለው ቤቴ ሆኜ በቴሌግራም ነው። ከዚህ ቦሌ ድረስ በሞተር ልኬ «ጠበበኝ» ተብሎ ሲመለስ ኪሳራው የኔ ነው። ስለዚህ ልኬት ላይ ቀልድ የለም። ጠይቁኝ።

ከጀሞ፦ «ሚዲየም» ብዬ ጽፌም ሰው ሴንቲውን ይጠይቀኛል። ምን ልጨምር?

ሚዲየም እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደመሰለው የሚለጥፈው ስም ነው። የቱርኩና የቻይናው ሚዲየም ጎን ለጎን ቢዘረጉ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩም ያው ነው፤ የአውሮፓ 38፣ የእንግሊዝ 10 እና የጣሊያን 42 ተቀራራቢ ሳይዝ ናቸው። ሰልቫጅ ላይ ደግሞ ሁሉም ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ታጥቦ የተኮማተረም አለ። ሌብሉን ጻፊው፣ ግን ሴንቲው አብሮት ይሁን።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጂንስ ከየት እስከ የት ነው የሚለካው? እኔ በለካሁት ቁጥር ይለያይብኛል።

የሚለያየው አልጋ ላይ ስለምትለኪው ይሆናል። አልጋ ይሰምጣል። ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ዘርጊው። ቁልፉንና ዚፑን ዝጊ፣ በእጅሽ ዳብሰሽ አስተካክይው፣ ግን አትሳቢው።

ወገብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጂንስ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ዝቅ ይላል። ሁለቱን ጠርዝ አገናኝተሽ ከጥግ እስከ ጥግ ለኪ። ዳሌውን ዚፑ የሚያልቅበት አካባቢ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ያዢ። ታፋው ከመሃል ስፌቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የውስጥ ቁመት ከመሃል ስፌቱ እስከ እግሩ ጫፍ።

ዛሬ የለጠፍኩትን ልስጥሽ፦

«ሰማያዊ ጂንስ፣ ሌብሉ 38። ተዘርግቶ ሲለካ ወገብ 39 (ዙሪያው 78)፣ ዳሌ 49 (ዙሪያው 98)፣ ታፋ 28፣ ፊት ለፊት ከወገብ እስከ መሃል ስፌት 26፣ የውስጥ ቁመት 74 ሴንቲ። ስትሬች ነው፤ ወገቡ በእጅ ሲሳብ 42 ይደርሳል። የሚመችሽን ጂንስ ዘርግተሽ ከዚህ ጋር አወዳድሪ።»

ጥያቄ የምትቀንሰው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ገዢዋ የራሷን ዳሌ በሴንቲ ላታውቅ ትችላለች፤ የምትወደው ሱሪ ግን ቁምሳጥኗ ውስጥ አለ። «ዙሪያው» የሚለውንም እንዳትተዪው። 39 ብቻ ካየች «ይሄ የሕፃን ነው እንዴ?» ብላ ትጽፍልሻለች።

ከሰሚት፦ እኔ ሸሚዙን ከብብት እስከ ብብት ለክቼ በ2 አባዝቼ እጽፋለሁ። ገዢው የራሱን ደረት ይለካ፣ አለቀ።

ማባዛትህ ልክ ነው። «አለቀ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ደረቱ 96 የሆነ ሰው ዙሪያው 96 የሆነ ሸሚዝ ቢለብስ ቁልፉ ይወጠራል፣ እጁን ወደፊት ሲዘረጋ ጀርባው ይይዘዋል። የማይለጠጥ ጨርቅ ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ትርፍ ይፈልጋል። ሹራብ ከሆነ ግን ከሰውነቱ እኩል ቢሆንም፣ ትንሽ ቢያንስም ይሄዳል። «ይህ የልብሱ ልኬት ነው፣ የሰውነት አይደለም» ብለህ አንድ መስመር ጨምር።

ከለገጣፎ፦ የባለቤቴን ቀሚስ ሰፊው በልኳ ሰፍቶት ጠበባት። ልኬት ወስዶ ነበር እኮ። ምን ይሻላል?

ወንድሜ፣ እኛ የተሰራ ልብስ ስለመሸጥ ነው የምናወራው፤ ግን ልመልስልህ። ቀሚሱን ገልብጠህ የጎኖቹን ስፌት እይ። በየስፌቱ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲ ጨርቅ ተርፎ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ቢለቀቅ በጠቅላላው 4 ሴንቲ ይሰፋል። ጨርቁ ከሌለ ግን ሌላ መቀጠል ነው። ሻጮችም ይህን አይታችሁ «ጎኑ ሊሰፋ ይችላል» ብላችሁ ብትጽፉ ጥሩ ነው።

ከአያት፦ «ከ55 እስከ 65 ኪሎ ላላት» ብንልስ? ሰው የሚገባው ኪሎ ነው።

እኔ አልወደውም። 60 ኪሎ ሆና ቁመቷ 1.55 የሆነችና 1.72 የሆነች አንድ ሱሪ አይለብሱም። ክብደቱ ሆድ ላይ ነው ወይስ ዳሌ ላይ የሚለውንም ኪሎ አይነግርሽም።

ከጀሞ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ኪሎ ስጽፍ ነው ቶሎ የሚሸጥልኝ።

ሊሆን ይችላል፤ የሚመለሰውንስ ቆጥረሽው ታውቂያለሽ? ካልቀረ ከሴንቲው በታች ጻፊው፣ የለካችውን ሰው ቁመትም ጨምሪበት። በዚህ ላይ ከብዙ ሻጭ ጋር አልተግባባሁም።

ከሰሚት፦ ሜትሩ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ፎቶ ቢነሳ አይበቃም?

ለወገቡ አንድ ፎቶ በቂ ነው። ዜሮው ከልብሱ ጫፍ ጋር መግጠሙ ይታይ፣ ከላይ ቀጥ ብለህ አንሳው፤ ከጎን ከተነሳ ቁጥሩ ይሸሻል። ሜትሩ አንዱ ፊቱ ኢንች ከሆነም ሴንቲው ወደ ላይ ይሁን። 30 ኢንች ወደ 76 ሴንቲ ስለሚጠጋ፣ ገዢው የትኛውን እንደሚያነብ ግራ ከገባው ተመልሶ ኢንቦክስ ነው።