«ጉዳዩ» ከስልክ ላይ ሲቆረጥ

ልጆቼ፣ ከጎንደር እጽፍላችኋለሁ። ዕድሜዬን በአስተዳደር ሥራ አሳልፌአለሁ። ዛሬ የማነሳው ትንሽ ነገር ነው፤ ኢሜይል ስትጽፉ ሰብጀክት የምትሉት አንድ መስመር። አንድ ጊዜ ጉድ አድርጎኛል።

ያኔ በአንድ ሆቴል የግዥና አስተዳደር ሥራ ላይ ነበርኩ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጄኔሬተሩ ተበላሸ። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር እንግዳ እንዴት እንደሚጎርፍባት ታውቃላችሁ፤ አልጋ ሁሉ ተይዟል። ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። የተሻለው 85,000 ብር ነበር፤ ዋጋው የሚጸናው እስከ ጥር 5 ብቻ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ስለነበር በኢሜይል ላክሁለት። ርዕሱን እንዲህ አልኩት፦

«ጉዳዩ፦ የድርጅታችን ጄኔሬተር ጥገና ፕሮፎርማ ክፍያ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ»

ለወረቀት ደብዳቤ ምንም አይወጣለትም። ስልኩ ላይ የታየው ግን «ጉዳዩ፦ የድርጅታችን ጄኔሬተር ጥገና…» ብቻ ነበር። እሱ ተጠግኖ ሪፖርት የተላከለት መስሎት ለማታ አቆየው። ማታም ረሳው። ዋጋው አለፈ፤ ባለሙያውም ሌላ ሥራ ያዘ። የከተራ ዕለት ማታ መብራት ሲጠፋ እንግዳ ሁሉ በሻማ አደረ።

ስወቅሰው ከርሜ፣ በኋላ ኢሜይሉን በራሴ ስልክ ከፍቼ አየሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር።

በወረቀት ዘመን «ጉዳዩ» የሚጻፈው በዋናነት ለመዝገብ ቤት ነበር። ደብዳቤው የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። አለቃውማ ደብዳቤውን ተዘርግቶ ነው የሚያገኘው። ኢሜይል ላይ ግን ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው በዚያች መስመር ነው። ስልክ ደግሞ 30 ፊደል ገደማ ካሳየ በኋላ ይቆርጣል፤ የእኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል አንዳንዴም ከዚያ በፊት። የአማርኛ ግስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። «እንዲፈቀድልን» የምትለዋ፣ ለአለቃው ከሁሉ የምታስፈልገው ቃል፣ ተቆርጣ የምትቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉትን ነገር ስም አድርጋችሁ ከፊት አምጡት፤ ፈቃድ፣ ፊርማ፣ ውሳኔ። ቀጥሎ ቀኑ፤ ከዚያ ነገሩ። የኔው እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«ፈቃድ እስከ ጥር 5፦ ጄኔሬተር ጥገና 85,000 ብር»

መጨረሻው ቢቆረጥ እንኳ ምን፣ መቼ፣ ስለምን የሚለው ይተርፋል። «ጉዳዩ» የሚለው ቃል ራሱ ቦታ ይበላልና ጣሉት። ምንም እንዲያደርግ ካልፈለጋችሁ ደግሞ «ለመረጃ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ያንን የለመደ አለቃ «ፈቃድ» ሲያይ ይነቃል።

ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አለቃችሁ የውጭ ሰው ከሆነ «ጥር 5»ን ጃንዋሪ 5 ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። የእኛ ጥር 5 ለእሱ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 13 ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ለእሱ 3 ነው።

«አስቸኳይ» ስለምትለዋ ቃል ልናገር። እኔም በተራዬ አለቃ ሆኜ ነበር። አንድ ልጅ ሁሉንም ኢሜይል «አስቸኳይ!!!» እያለ ይልክልኝ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእሱን ከሁሉ በኋላ መክፈት ጀመርኩ፤ እያወቅሁ እንኳ አይደለም። «እስከ ጥር 5» ማለት ግን አጣዳፊነቱን ራሱ ይናገራል፤ አለቃው ከቀን መቁጠሪያው ጋር ያስተያየዋል።

ሌላው ስህተት ስንፍና ነው፤ አንዳንዶቻችሁ አዲስ ጥያቄ በአሮጌ መልእክት መልስ ሥር ትልካላችሁ። «መልካም ገና» በሚል ርዕስ የክፍያ ጥያቄ ሲመጣ አይቻለሁ! አዲስ ጉዳይ አዲስ ኢሜይል ይከፈትለት።

ከርዕሱ ቀጥሎ የመልእክቱ የመጀመሪያ ቃላትም ስልኩ ላይ ይታያሉ። የሰላምታችን ርዝመት ይታወቃል፤ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ ስንል ቦታው ያልቃል። «ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል፤ ወዲያው ጥያቄው ይግባ።

ግልጽ የማይደረግ ርዕስም አለ። የሰው ደመወዝ፣ ሕመም፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲሆን ስም አትጻፉ። የአለቃችሁ ስልክ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ ርዕሱ ብልጭ ይላል፣ ጎን ያለውም ያነበዋል። «ውሳኔ እስከ ዓርብ፦ የሠራተኛ ጉዳይ» ካላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል።

መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ርዕስ ስታሳምሩ አትቆዩ። ደውሉ፤ ኢሜይሉን ለማስረጃ ከስልኩ በኋላ ላኩት። እኔ ያን ጊዜ ጥር 4 ከሰዓት ብደውል ኖሮ ሻማውን ባልገዛሁ ነበር።