የውሻ ስም ከትእዛዝ ወይም ከቤተሰብ ስም ጋር ሲጋጭ፦ ጥያቄና መልስ

ከለገጣፎ፦ ውሻችን ጃክ ይባላል፣ ሁለት ዓመቱ ነው። ስጠራው ወደ እኔ አይመጣም። ወደ በሩ ሮጦ ይጮሃል። ጆሮው ደህና ነው። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ማታ ጅብ ሲያልፍ ወይም ሰው አጥሩን ሲጠጋ «ጃስ!» የሚል ሰው ግቢያችሁ ውስጥ አለ?

ከለገጣፎ፦ አለ እንጂ። ዘበኛው ማታ ማታ ይላል። ልጆቹም ከሱ ለምደው ሲጫወቱ ይሉታል።

መልስ፦ እንግዲያው ነገሩ እዚያ ነው። «ጃክ» እና «ጃስ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ነው። ከሩቅ ስትጮህ ቀድማ የምትጠፋው ደግሞ እሷው ናት። ግቢው ጥግ ላለ ውሻ ጎልቶ የሚደርሰው «ጃ» ነው። «ጃ» ሲሰማ ደግሞ ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚያባርረው ነገር አግኝቷል።

እርግጠኛ ለመሆን እንዲህ ሞክር። ውሻው ዘና ብሎ ሳለ ከኋላው ቁም። እጅህን አታንቀሳቅስ፣ ወደ ፊትም አትዘንበል። ውሻ ከቃሉ ይልቅ እጅና ትከሻህን ስለሚያነብ ዝም ብለህ ካልቆምክ ሙከራው ያታልልሃል። በረጋ ድምፅ አንዴ «ጃክ» በል። ዞሮ ፊትህን ካየ ስሙን ያውቃል። ጆሮውን አቁሞ በሩን ካየ ግን የሰማው «ጃስ»ን ነው።

ዘበኛው ቃሉን እንዲተው ማድረግ ይከብዳል፣ ጅብ ሲመጣ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ስሙን መቀየር ይቀላል። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ በየቀኑ የሚጮሁ ቃላትን ጻፍ፦ ና፣ ተው፣ ቁጭ በል፣ ተኛ፣ ውጣ፣ ግባ፣ ሂድ፣ ጃስ። ቀጥለህ የቤቱን ሰው ሁሉ ስም ጻፍ። መታወቂያ ላይ ያለውን ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚጠራበትን። ከዚያ ለውሻው ካሰብካቸው ስሞች ውስጥ በመጀመሪያው ድምፁ ከአንዳቸው ጋር የሚገጥመውን ሰርዝ። ለምሳሌ «ዱካ» ብትለው ከእነዚህ ትእዛዞች አንዱም በ«ዱ» አይጀምርም። ቤታችሁ ዱዱ ወይም ዱሬ የሚባል ልጅ ከሌለ ጥሩ ስም ነው።

ስታለማምደው አዲሱን ስም አስቀድም። «ዱካ» በል፣ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ «ጃክ» በል። ፊቱን ወደ አንተ ሲያዞር ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ወይም ዳቦ ስጠው። ጃክን ካስቀደምክ ውሻው ቀድሞ ስለዞረ አዲሱን ቃል አያዳምጠውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል፣ ቀን ውስጥ ሁለት ሦስቴ ድገመው። «ዱካ» ስትል ብቻ መዞር ሲጀምር ጃክን ተው። ዘበኛውም ልጆቹም ከዚያ በኋላ አሮጌውን ስም መጥራት የለባቸውም።

ከሰበታ፦ ውሻን አሳንሳችሁ አታዩት። ከቃናው ይለያል። የፈረንጅ ስም ከሰጣችሁት ደግሞ ከአማርኛ ትእዛዝ ጋር አይጋጭም፣ አለቀ።

መልስ፦ ስለ ቃናው ልክ ነህ። ውሻ ቁጣንና ጨዋታን ከድምፅ ይለያል። ግን «ና»ንም ስሙንም በአንድ ቃና ስንጠራ ያ አይረዳውም። ቡዳፔስት ውስጥ በኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት አለ። ቤት ውስጥ ያደጉ ውሾች የሚያውቁትን ትእዛዝ፣ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለይ ትርጉም የለሽ ቃልና ፈጽሞ የማይመስለውን እያሰሙ የአእምሯቸውን ምላሽ ለኩ። ፈጽሞ የማይመስለውን ውሾቹ ለዩት። በአንድ ድምፅ የሚለየውን ግን ከሚያውቁት ትእዛዝ መለየታቸው አልታየም። ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ ግን አላቸው፣ ለትንሿ ልዩነት ትኩረት አለመስጠታቸው ሊሆን ይችላል።

የፈረንጅ ስም ደግሞ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አሁን ብዙ ሰው ውሻውን «ሲት»፣ «ካም»፣ «ኖ» እያለ ያሠለጥናል። እንዲህ ለሠለጠነ ውሻ «ሲሲ» ወይም «ኖኖ» ችግር ነው። «ማክስ»ም ማክዳ የምትባል ልጅ ያለችበት ቤት አይሆንም።

ከሱሉልታ፦ የትንሹ ልጄ የቤት ስሙ ባቢ ነው። ቡችላዋን ልጆቹ ቦቢ አሏት። ባቢን ስቆጣ ቡችላዋ ጥግ ገብታ ትደበቃለች። ልጆቹ ስሙን ወደውታል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቶሎ ቀይሪው። አሁን ቡችላ ስለሆነች ይቀላል። ልጅሽን «ባቢ፣ ተው!» ባልሽ ቁጥር እሷ ስሟንና ቁጣን አብራ ትማራለች። እንዲህ ያደገ ውሻ በኋላ በር አምልጦ ወጥቶ ሲጠራ አይመለስም፣ ስሙ ቅጣት መስሎት ይሸሻል።

የእኛ ቤት ስሞች እዚህ ላይ ያስቸግራሉ። ባቢ፣ ቡቡ፣ ሚሚ፣ ቲቲ፣ ኪኪ ስንል አንዱን ድምፅ ደጋግመን ነው። የውሻ ስምም እንዲሁ ይወጣል፦ ቦቢ፣ ጆጆ። በዚያ ላይ ስናቆላምጥ ሁሉንም በ«ዬ» እንጨርሳለን። «ባቢዬ»፣ «ቦቢዬ» ሲባል መጨረሻው አንድ ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ ከፊት መምጣት አለበት። ልጆቹ ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጊ፣ ግን በ«ባ» እና በ«ቦ» የሚጀምር አይሁን በያቸው። «ዳማ» ወይም «ሎሚ» ቢሏት ሁለቱም ከባቢ ይርቃሉ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ሴት ስለሆነች አንዱ «ና»፣ ሌላው «ነይ» አይበላት። ቤቱ በአንዱ ይስማማ።

ከቡራዩ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዱሮ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ነበር። የኔን «ተዋቸው» ብዬዋለሁ፣ የገባው ይገባዋል። ልጄ ግን አይሆንም ትላለች።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልማዱን አውቀዋለሁ፣ አክብሬዋለሁም። ልጅዎ ግን እውነቷን ነው። «ተዋቸው» የሚጀምረው በ«ተው» ነው። እንግዳ ላይ ሲጮህ «ተው!» ቢሉት የተጠራ ይመስለዋል፣ ሲጠሩት ደግሞ የተከለከለ ይመስለዋል። በትእዛዝ የሚጀምር ስም፣ «ቁምላቸው»ም «ያዛቸው»ም፣ ይኸው ነው። መልእክቱን መተው ካልፈለጉ «ታዘብኩ» ይበሉት። ለመጥራት ሲረዝም ደግሞ «ታዜ» ይሆናል። ታደሰ ወይም ታደለች የሚባል ሰው ቤትዎ ካለ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ከአያት፦ ሌባ ሰምቶ የሚደነግጥበት ስም የትኛው ነው?

መልስ፦ ሌባን የሚያስደነግጠው ጩኸቱ ነው፣ ስሙን ማን ሰማው? «ነብሮ» ከወደድክ ጥሩ ነው። ውሻህ ወንድ ከሆነ «ነይ» አትለውም፣ አይጋጭብህም።

ከገላን፦ ዘበኛችን ኦሮምኛ ነው የሚያወራው። ውሻውን ሲጠራው «ኮቱ» ይለዋል። እኛ ያወጣንለት ስም ኮኮ ነው። እስካሁን ችግር አላየንም።

መልስ፦ «ኮቱ» ና ማለት ስለሆነ ሁለቱም ወደ ጠሪው ያመጡታል። ለዚያ ነው ችግሩ ያልታየው። የሚታየው «ኮኮ፣ ቁጭ በል» ስትሉት ነው። ባለበት ሳይቀመጥ ወደ እናንተ ከመጣ ስሙን እንደ «ኮቱ» ወስዶታል።

ከሰበታ፦ ቢመጣ ምን አለበት? መጥቶ ይቀመጥ።

መልስ፦ በራፍ ላይ መኪና እየወጣ ሳለ ባለበት እንዲቀመጥ ብትፈልግስ? ለኔ ያ ብቻ ስሙን ያስቀይረኛል። ግቢው ሰፊ ከሆነና መኪና ከሌለ ግን የገላኑ ወዳጃችን ራሱ ሞክሮ ይወስን።