የጎደለ ክፍያ ሲጠየቅ

ልጆች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ ባሉ ቢሮዎች፣ በሒሳብ ሥራ ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ባለሱቅ የጻፈውን ደብዳቤ አሳየኝ። «የተከፈለን ገንዘብ ከሚገባን በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ቅር መሰኘታችንን እየገለጽን በአስቸኳይ እንድታስተካክሉልን» ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባና ኃላፊው «ይጣራ» ብሎ ይመራዋል። የሚያጣራው ሠራተኛ ግን የትኛውን ደረሰኝ ያውጣ? ስንት ብር ይፈልግ? ፋይል ውስጥ ያድራል።

ጉዳዩ የ2015 ዓ.ም. ነው። ልጁ ለአንድ ድርጅት የ80,000 ብር ወንበር በዱቤ ሸጧል። 15 በመቶ ቫት 12,000 ሲጨመር ደረሰኙ 92,000 ብር ይሆናል። ባንክ የገባለት 78,400 ነው። ስለዚህ «13,600 ጎደለብኝ» አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ገዢው ቫት ከመጨመሩ በፊት ካለው ዋጋ ላይ ዊዝሆልዲንግ ይቀንሳል። ያኔ 2 በመቶ ነበር (መጠኑ ስለሚሻሻል የጊዜውን አዋጅ እዩ)፤ የ80,000 ብሩ 1,600 ይመጣል። ይህ ለግብር የሚገባ እንጂ የጎደለ ገንዘብ አይደለም። ጨምራችሁ ከጠየቃችሁ ፋይናንሱ ስህተታችሁን ይዞ ቀሪውንም ያቆየዋል። እውነተኛው ጉድለት 12,000 ነው፤ ልክ የቫቱ ያህል። ቫቱን ረስተው ዋጋውን ብቻ እንደከፈሉ ቁጥሩ ራሱ ይጠቁማል። ደብዳቤው ላይ ግን «ረሳችሁ» አትበሉ፤ ቁጥሩን አስቀምጡላቸው፣ ራሳቸው ያዩታል።

አብረን ያሳጠርነው ይኸው፦

«ጉዳዩ፦ በደረሰኝ ቁጥር 0417 የቀረ 12,000 ብር ይመለከታል።

ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር 0417 ቫትን ጨምሮ የ92,000 ብር ዕቃ አስረክበናል። ከዚህ ላይ ዊዝሆልዲንግ 1,600 ብር ሲቀነስ የሚከፈለን 90,400 ብር ነው። ኅዳር 20 ቀን ባንክ የገባልን 78,400 ብር ነው። ልዩነቱ 12,000 ብር በደረሰኙ ላይ ከተመለከተው ቫት ጋር እኩል ነው። ይህ ቀሪ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን እንዲከፈለንና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትዘሉ። ያ ደረሰኝ ከሌለ 1,600 ብሩን ዓመታዊ ግብር ስትከፍሉ ማቀናነስ ያስቸግራችኋል። አባሪ የደረሰኙ ኮፒ፣ ዕቃውን የተረከቡበት ፊርማና ገንዘቡ የገባበት የባንክ ስቴትመንት ገጽ ይበቃል። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትታችሁ ተመለሱ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ገንዘቡ የየትኛው ደረሰኝ ክፍያ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ ለሁለት ደረሰኝ አንድ ላይ ከፍለው፣ እናንተ ለአንዱ ብቻ ትቆጥሩታላችሁ። «የተሰበረ ወንበር ስላለ ነው የቀነስነው» ካሏችሁም ክርክሩ ስለ ዕቃው ሆነ ማለት ነው፤ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል።