የሕግ ቃል ሲያከራክር፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ሕግን ስለሚተረጉሙባቸው አራት መንገዶች የሚጠይቁ ናቸው። የእንግሊዝ ጉዳዮች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

«ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። አራቱን ደንቦች በምሳሌ ለይተው ያስረዱኝ፤ ግን አጭር ይሁን።»

የቃል በቃል ደንብ፣ ውጤቱ ቢከፋም እንኳ ቃሉን በተለመደ ትርጉሙ ይወስደዋል። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1946 በወሰነው የቤሪማን ጉዳይ አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በሐዲዱ ላይ ያለ መሣሪያ ዘይት እየቀባ ሳለ በባቡር ተገጭቶ ሞተ። ደንቡ ሐዲድ ሲነጠፍ ወይም ሲጠገን ጠባቂ እንዲቆም ያስገድድ ነበር፤ ዘይት መቀባት ግን ጥገና አይደለም ስለተባለ ሚስቱ ካሳ ሳታገኝ ቀረች።

ወርቃማው ደንብ ከቃሉ ይነሣል፤ ቃሉ እንዳለ ቢፈጸም ውጤቱ ትርጉም የለሽ ወይም አስነዋሪ በሚሆንበት ጊዜ ግን በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ከቃሉ ፈቀቅ ይላል። በ1935 በተወሰነው የሲግስወርዝ ጉዳይ ልጅ እናቱን ገደለ፤ እናቲቱ ኑዛዜ ስላልነበራት የውርስ ሕጉ ቃል እንዳለ ቢነበብ ሀብቷ ወደ ገዳይዋ ሊሄድ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ማንም ከወንጀሉ አይጠቀምም ብሎ ከለከለ።

የጉድለት ደንብ የመነጨው በ1584 ከተወሰነው የሄይደን ጉዳይ ነው። ዳኛው ከአዋጁ በፊት ሕጉ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን ጉድለት እንደነበረበት፣ ፓርላማው ምን መድኃኒት እንዳበጀለትና የመድኃኒቱ እውነተኛ ምክንያት ምን እንደሆነ ይጠይቃል። አራተኛው፣ ዓላማ ተኮር አተረጓጎም፣ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው፤ ሌላ ጠያቂ ስላነሣው ወደ ታች ይመለከቷል። መልሱ አጭር አልሆነም፤ ፈተናውም አጭር አይሆንልዎትም።

«ዳኛው ከአራቱ የትኛውን መጠቀም እንዳለበት የሚያዝዝ ሕግ አለ?»

የለም።

«መምህራችን ስለ ስለቱ ጉዳይ ሲነግሩን ሁላችንም ሳቅን። ዳኛው እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝነት ይፈርዳል?»

ሳቁ ይቆየን። ጉዳዩ በ1960 የተወሰነ ሲሆን ፊሸር እና ቤል ይባላል። በብሪስቶል ከተማ አንድ ባለ ሱቅ፣ ሲጫኑት ስለቱ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ቢላዋ ከነዋጋው በመስኮቱ አኑሮ ተገኘ። በ1959 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ቢላዋ መሥራትን፣ መሸጥንና «ለሽያጭ ማቅረብን» ወንጀል ያደርግ ነበር። ሎርድ ፓርከር፣ የዘመኑ ዋና ዳኛ፣ ባለ ሱቁን በነጻ አሰናበቱት፤ በውል ሕግ ዕቃን በመስኮት ማሳየት ደንበኛው ራሱ ሐሳብ እንዲያቀርብ መጋበዝ ነው እንጂ የሽያጭ ሐሳብ ማቅረብ አይደለምና። ውጤቱ በመጀመሪያ ሲታይ ትርጉም የለሽ እንደሚመስል ግን ራሳቸው ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

መምህርዎ ያልነገሯችሁ የሚመስለኝ ሌላኛው ግማሽ ነው። እኚሁ ዳኛ በዚያው በ1960 ስሚዝ እና ሂዩዝ የተባለውን ጉዳይ ዳኝተዋል። ያም ሕግ የወጣው በ1959 ነበር፤ ሴተኛ አዳሪ «በጎዳና ወይም በሕዝብ ቦታ» ደንበኛ እንዳትጠራ ይከለክላል። ተከሳሾቹ በለንደን ከቤታቸው ሰገነት ላይ ወይም ከመስኮት ጀርባ ሆነው መስታወቱን እያንኳኩ በጎዳናው የሚያልፉትን ወንዶች ይጠሩ ነበር። እግራቸው ጎዳና አልረገጠም። ሎርድ ፓርከር ግን ሕጉ ጎዳናዎችን ለማጽዳትና መንገደኛው ሳይታወክ እንዲያልፍ ለማድረግ የወጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል ብለው ጥፋተኝነታቸውን አጸኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1964፣ በተከለከለ ቦታ «አካባቢ» የጦር ኃይል ባልደረባን ማሰናከል ወንጀል ነው በሚለው ሕግ የተከሰሰ ሰው፣ እኔ እኮ የተገኘሁት በአየር ኃይሉ ጣቢያ ውስጥ ነው፣ አካባቢው አይደለሁም ብሎ ሲከራከር፣ «በቦታው ወይም በአካባቢው» ተብሎ ይነበብ ብለው አሸነፉት። ይህ ወርቃማው ደንብ ነው፤ የቢላዋው የቃል በቃል፣ የሰገነቱ ደግሞ የጉድለት ደንብ ነበር። እንግዲህ አንድ ዳኛ በሦስት ጉዳዮች ሦስት መንገድ ሄደዋል ማለት ነው።

ዘፈቀደ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። በቢላዋው ጉዳይ የሕጉ ቃል በውል ሕግ የጸና ትርጉም ነበረው፤ በተጨማሪም ፓርላማው በሌሎች ሕጎች «ለሽያጭ ማሳየት» የሚል ሐረግ እየጨመረ ሲጽፍ በዚህኛው ትቶታል። ዳኛው ቢያስገባው ፓርላማው ያልጻፈውን ወንጀል እሱ ጻፈ ማለት ነው። በሰገነቱ ጉዳይ ግን «በጎዳና መጥራት» የሚለው ሐረግ ሁለቱንም ንባብ ይችላል፤ ጠሪዋ በጎዳና ስትቆም ወይም ጥሪው በጎዳና ላለው ሰው ሲደርስ። ዓላማ የሚያገለግለው ቃሉ ሊሸከማቸው ከሚችሉት ትርጉሞች መካከል ለመምረጥ ነው፤ የጎደለ ቃል ለመጨመር ሲውል፣ በተለይ በወንጀል ሕግ፣ ሰው ምን እንደተከለከለ አስቀድሞ የማወቅ መብቱን ያጣል። በዚህ መለኪያ የሚያስጨንቀኝ የአየር ኃይሉ ጣቢያ ፍርድ ነው፤ ውጤቱ ትክክል ነው ብዬ ባምንም ቃል ተጨምሮበታልና። ስለ ቢላዋው ደግሞ ፓርላማው በ1961 ሕጉን አሻሽሎ ማሳየትንና ለሽያጭ ይዞ መገኘትን ጨመረ። ክፍተቱን የዘጋው ባለቤቱ ነው። ይህ ሞኝነት ከሆነ እኔም ሞኝ ልባል።

«የጉድለት ደንብና ዓላማ ተኮር አተረጓጎም አንድ ናቸው ይሉናል። እውነት ነው?»

ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የጉድለት ደንብ ወደ ኋላ ያያል፤ ከአዋጁ በፊት የነበረውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ዓላማ ተኮሩ ግን ሕጉ በጠቅላላው ሊያቆመው የፈለገውን ሥርዓት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሕግ አውጪው ፈጽሞ ያላሰበውን ነገር ሊያቅፍ ይችላል። በ1990 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ፅንስን የተረጎመው «ፅንሰቱ የተጠናቀቀ» በሚሉ ቃላት ነበር። በኋላ የሕዋስ ኒውክለስ በመተካት፣ ያለ ፅንሰት፣ ፅንስ መፍጠር የሚቻልበት መንገድ መጣ። በ2003 በኩዊንታቫሌ ጉዳይ የጌቶች ምክር ቤት፣ ፓርላማው ፅንስን ሁሉ ከቁጥጥር ሥር ሊያደርግ እንጂ አንዱን ዓይነት ነጻ ሊለቅ አላሰበም ሲል ሕጉ ይህንንም እንደሚያካትት ወሰነ። የሄይደንን ጥያቄዎች ብቻ ይዞ እዚህ መድረስ ያስቸግራል።

«ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ይጠቅማል? እኛ የተጻፈ ኮድ አለን።»

ኮድም ይተረጎማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ ወዲያውም አጠራጣሪ ሲሆን ሕጉን በመንፈሱ፣ ሕግ አውጪው ያሰበውን ግብ በሚያደርስ መልኩ እንዲተረጉም ያዝዛል። ከላይ በቢላዋውና በሰገነቱ መካከል ያሰመርኩት ድንበር እዚህ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ ነው። የሕጉን ሐተታ ዘምክንያት መጥቀስም የተለመደ ነው።

«ለንደን ነው የምኖረው። የቤት ኪራይ ውሌ ላይ ያለ አንድ ቃል ፍርድ ቤት አድርሶኛል። ወርቃማውን ደንብ ጠቅሼ ልከራከር?»

አይሆንም፣ ወንድሜ። እነዚህ ደንቦች ፓርላማ የሚያወጣውን ሕግ ለመተርጎም ናቸው፤ የእርስዎ ሰነድ ውል ነው፤ ውል የሚተረጎመው በሌላ መንገድ ነው፣ ተዋዋዮቹ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው ሲዋዋሉ ምክንያታዊ ሰው ቃላቸውን እንዴት ይረዳው ነበር ተብሎ። ይህን የምለው እንደ ማለፊያ ምክር አይደለም፦ ከፍርድ ቤቱ የመጣልዎትን ወረቀት ይዘው በዚህ ሳምንት በቤት ጉዳይ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ያግኙ፤ ክፍያው ከከበደዎት ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ወረቀቱ ላይ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተጽፏል፤ ያ ቀን ካለፈ ስለ ቃሉ ትርጉም የሚሰማዎት ላይኖር ይችላል።