80 ካሬው ቤት 120 ካሬ ቀለም ለምን ጠጣ?

«ጋሼ፣ ሳቢያን ያለው ቤቴ 8 በ10 ነው፣ ጣሪያው ባለ ሁለት ክንፍ። ጣሳው ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ይቀባል ስለሚል፣ 80 ካሬውን ሁለት እጅ ለማስቀባት አራት ባለ 4 ሊትር ገዛሁ። አንደኛው እጅ አለቀ፤ ሁለተኛው ግን የአንዱን ክንፍ ሁለት ሦስተኛ ሸፍኖ ቀለሙ ጠፋ። ቀቢው ወስዶብኝ ይሆን? የእናቴም ቤት መጠኑ ያው ነው፣ ቆርቆሮውን ልቀይርላት ነው፤ በዚያው ስሌት ልግዛ?»

አቦ፣ ቀቢውን ተወው። የገዛኸው ቀለም 160 ካሬ የሚሸፍን ነው። እሱ ጣሪያውን በሙሉ አንድ ጊዜ፣ የአንዱን ክንፍ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም የጣሪያውን ሲሶ፣ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቀባ። ይህ የሚሆነው ጣሪያው 120 ካሬ ሲሆን ነው፤ የጠረጠርኩትም ከዚህ ነው። አንተ የለካኸው ወለሉን እንጂ ጣሪያውን አይደለም።

ትልቁ ስህተት ሰው የማያስበው ቦታ ላይ ነው። ጣሪያው ግድግዳው ላይ አይቆምም፤ ክፈፉ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ከወጣ 8 በ10 የነበረው 9 በ11 ይሆናል። ተዳፋቱን ሳንቆጥር ገና 99 ካሬ ደረስን። ያንተ ክፈፍ ስንት እንደሚወጣ መሬት ላይ ቆመህ ለካ፣ መውጣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ተዳፋቱ ነው። ከጣሪያው አናት እስከ አሸንዳው ያለውን ርዝመት በጎን ግድግዳው በኩል፣ መሰላል ላይ ሆነህ በሜትር ለካ። አናቱ ከክፈፉ 1.8 ሜትር ከፍ ካለ፣ አግድም 4.5 ሜትር የነበረው ክንፍ በተዳፋቱ 4.85 ይሆናል። ሁለቱ ክንፎች በ11 ሜትር ሲባዙ 107 ካሬ ግድም። ጣሪያው ላይ መውጣት ግድ ካለህ ግን የሚስማሩን መስመር ብቻ ርገጥ፤ ሞራሌው ያለው እዚያ ስር ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ሸንተረሩ። አንድ ሲባጎ ውሰድና ቆርቆሮው ላይ ከሸንተረሮቹ አግድም ዘርጋው፤ ግን ከጫፍ ጫፍ አትወጥረው፣ እያንዳንዱን ጉብታና ጎድጓዳ እየተከተለ ይውረድ ይውጣ። በቀጥታ 1 ሜትር በሚሞላበት ቦታ ቁረጠውና ወጥረህ ለካው። ሸንተረሮቹ 7.6 ሴንቲ ያህል ተራርቀው 1.8 ሴንቲ ያህል በሚጎደጉዱበት በተለመደው ቆርቆሮ፣ ሲባጎው 1 ሜትር ከ12 ሴንቲ ግድም ይመጣል። ብሩሹ የሚሄደው በሲባጎው መንገድ ነው። ስለዚህ 107ን በ1.12 አባዛው፤ 120 ካሬ። አንዳንዱ «ሸንተረር እጥፍ ይበላል» ይላል፣ ውሸት ነው፤ ከስምንት አንድ እጅ ግድም ብቻ ነው የሚጨምረው። ጥልቅ ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ ከሆነ ግን የኔን ቁጥር ትተህ ሲባጎህን እመን። ተዳፋቱ የሚያረዝመው ከላይ ወደ ታች፣ ሸንተረሩ የሚያረዝመው አግድም ስለሆነ ሁለቱም ይባዛሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የቀረህ 80 ካሬ ነው፣ ማለትም 8 ሊትር፣ ሁለት ጣሳ። ጣሳው ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ክንፎቹ ቀለማቸው ይለያያል። የሚሻክር ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ፀረ ዝገት ቀለም ቅባ፤ ያልተጠረገ ዝገት ቀለም ይጠጣል። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳያግለው በጠዋት ይቀባ። የፊተኛው ሠራተኛ ቀዳዳ ሁሉ ላይ ሬንጅ ለድፎ ከሆነ ቀለሙ እዚያ አይይዝምና ቀድመህ ፋቀው። ይህን ሬንጅ ያስተማራቸው ማን እንደሆነ አላውቅም!

ለእናትህ ቆርቆሮ ስትገዛ ግን ሸንተረሩን እርሳው። በሱቅ የሚለካው ወርድ ከተሸነተረ በኋላ ያለው ስለሆነ አንተ ድጋሚ አትቁጠረው። እዚህ የሚበላህ መደራረቢያው ነው። ሁለት ቆርቆሮ አንድ ሸንተረር ተኩል ደርበህ አንዱ በእውነት የሚሸፍነውን ለካ። 70 ሴንቲ ከሸፈነ፣ 11 ሜትሩ 16 ቆርቆሮ ይወስዳል። ቁመቱ 4.85 ስለሆነ በባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሁለት አይደርስም፣ ሦስት ያስፈልጋል፤ በየመጋጠሚያው 20 ሴንቲ ይደረብ። 16 በ3 ሲባዛ 48፣ ለሁለቱ ክንፍ 96። «99 ካሬ ነው» ብለህ ለቆርቆሮው ስፋት ብታካፍለው 60 ገደማ ብቻ ይወጣልሃል፣ ሠራተኞቹም መሃል ላይ ይቆማሉ። ቀጭኑን ጌጅ 35 ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ፤ እጅ ሲጫነው ይጎደጉዳል፣ ሰው ሲረግጠው ደግሞ ይባሱን። ጎማ የሌለውን ሚስማርም ተው። ለሠራተኞቹም ንገራቸው፤ አሮጌው ቆርቆሮ ሲነሳ የሚረገጠው ሞራሌው ያለበት የሚስማር መስመር ብቻ ነው፣ የዛገው መሃል አይረገጥም።