መልስ፦ መንኮራኩር ለምን ዘገየ?

«አያቴ፣ መንኮራኩርን ማን ፈለሰፈው? ክብ ነገር መሥራት ቀላል አይደል እንዴ፣ ለምን ያን ያህል ዘገየ?»

የፈለሰፈው ሰው ስሙ አልተመዘገበም የኔ ልጅ። ክቡን መሥራትማ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መሐሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ስሎቬንያ ውስጥ፣ ከልዩብልያና ከተማ አጠገብ ካለ ረግረግ፣ 5,150 ዓመት ገደማ የሆነው የእንጨት መንኮራኩር ወጣ። ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግንድ አግድም ቆርጠው አልሠሩትም፤ እንዲህ ያለ ቁራጭ ሲደርቅ ከመሐል ወደ ዳር ይሰነጠቃል። ሁለት ሳንቃ ጎን ለጎን ገጥመው በኦክ እንጨት አያያዙት። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው፤ ዘንጉ እዚያ ውስጥ በሽብልቅ ተወጥሮ ከመንኮራኩሩ ጋር አብሮ ይዞራል።

እንግዲህ ዘንጉ በጋሪው ሥር የሚዞርበት ቦታ በደንብ ክብና ለስላሳ መሆን አለበት። ከጠበበ አይዞርም፣ ከሰፋ ይወላገድና እንጨቱን ይበላዋል። ይህን በድንጋይ መሣሪያ መጥረብ እጅግ ከባድ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የመዳብ መሮ እስኪመጣ ጠብቋል የሚሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ይህ ያሳምነኛል። በዚያ ላይ ጋሪውን የሚጎትት የተገራ በሬም ያስፈልጋል። ተራራማ አገር ላይ ደግሞ መንገድ ካልተጠረገ ጭነት በእንስሳ ጀርባ ይሻላል።