የሱቅ ዘካ፦ በተገዛበት ነው ወይስ በሚያወጣው?

«መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ያለውን ዕቃ የገዛሁት በ2,400,000 ብር ነው። ባንክ 400,000 አለኝ፤ በዱቤ የሰጠሁት 300,000 ነው። ለአከፋፋይ ደግሞ 400,000 አለብኝ። ግብሬን ከፍያለሁ። ዘካ ስንት ይደርስብኛል? ለእናቴና ሥራ ለፈታው ወንድሜ ብሰጥስ?»

የገዙበትን ዋጋ ይተዉት። የሸቀጥ ዘካ የሚታሰበው ዕቃው ዛሬ ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ነው። ዓመቱ በሞላበት ቀን ሱቁን ዘጋ አድርገው ጣቃ በጣቃ ይቁጠሩ። 3,000,000 አወጣ እንበል። መደርደሪያው፣ መቀሱና ጭነት የሚያመላልሱበት መኪና ለሽያጭ ስላልተገዙ አይቆጠሩም።

በዚህ ላይ የባንኩን 400,000 ይደምሩ። ከዱቤው ደግሞ ይከፈለኛል ብለው የሚተማመኑበትን ብቻ፣ 200,000 ነው እንበል። የቀረው 100,000 እጅዎ ሲገባ ይታሰባል። ድምሩ 3,600,000 ሆነ።

የአከፋፋዩ ዕዳ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊዮች ይቀንሱታል፤ ስለዚህ 3,200,000 ይቀራል። ለ40 ሲካፈል (2.5 በመቶ ማለት ነው) 80,000 ብር ይመጣል። በሻፊዒዮች ዘንድ በሚሠራበት አቋም ግን ዕዳ አይቀነስም፤ 90,000 ይሆናል። እኔ ጠበቃ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ይቺን 10,000 ሸይኽዎ ይፍረዱባት።

ይህ ሁሉ ሀብቱ ኒሷብ ከሞላ ነው፦ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር። ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ በቋንቋችን ይምታታል። ዛሬ በወርቁና በብሩ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። ለድሃው ስለሚበጅ በብሩ የሚሄዱ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። በብሩ ከሄዱ እርስዎ ያለጥርጥር ከፋይ ነዎት።

ዓመቱ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። የግብር ሒሳብ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ዘካንም አብሮ የሚዘጋ ነጋዴ አለ። የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በ33 ዓመት የአንድ ዓመት ዘካ ያመልጠዋል።

ግብር ዘካን አይተካም። መንግሥትም ዘካ አያስከፍልዎትም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188/1992 ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና ስጦታን ሲዘረዝር ዘካን አላነሳም።

ተቀባዮቹን ቁርኣን በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ላይ ስምንት አድርጎ ቆጥሯቸዋል። በእኛ ሰፈር በብዛት የሚገጥሙት ምንም የሌለው፣ ያለው የማይበቃውና ዕዳ ያጎበጠው ናቸው። እናትዎን መጦር ግዴታዎ ነው፤ ስለዚህ ከዘካው አይሰጧቸውም፣ ከኪስዎ እንጂ። ወንድምዎ ከቸገረውና ቀለቡ በእርስዎ ላይ ካልሆነ ይቀበላል፤ እንዲያውም ሶደቃም ዝምድናም ይሆንልዎታል። ዘካ ነው ብለው መንገርም የለብዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንን የማይመለስ የሚመስል ዱቤ «ምሬሃለሁ፣ ዘካዬ ነው» ማለት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ አይሆንም። ተበዳሪው ድሃ ከሆነ ዘካውን በእጁ ይስጡት። ወዶ ዕዳውን ቢከፍልበት መብቱ ነው፤ «መልሰህ ትሰጠኛለህ» ብለው ከተዋዋሉ ግን ዘካው ተበላሸ።